ሁለቱ ቦታዎች አንድ ሲሆኑ

በመንገድ ዳር፣ በረጅም ምሰሶ ላይ የተሰቀለ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ እንበል። የሰሌዳው ቁመት 5 ሜትር ነው። የታችኛው ጠርዙ ከተመልካቹ ዓይን 4 ሜትር ከፍ ይላል፤ የላይኛው ጠርዝ ደግሞ 9 ሜትር። ሥሩ ድረስ ሄዶ የሚያንጋጥጥ ሰው ሰሌዳው አጥሮ፣ ተጨብጦ ይታየዋል። ትንሽ ወደ ኋላ ሲል ሥዕሉ ይዘረጋል። አብዝቶ ከራቀ ግን እንደማንኛውም የራቀ ነገር ተመልሶ ያንሳል። በሁለቱ መካከል ሰሌዳው ከሁሉ ይበልጥ ሰፍቶ የሚታይበት አንድ ቦታ መኖር አለበት።

ጥያቄው ከ500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጀርመናዊው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ሬጂዮሞንታኑስ በ1471 እ.ኤ.አ. በኤርፈርት ለነበረው ለክርስቲያን ሮደር በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ አቅርቦት ነበር፤ ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለ ዘንግ፣ መሬት ላይ ከየትኛው ነጥብ ሆነው ቢያዩት ነው ረጅም መስሎ የሚታየው? ዛሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት ካልኩለስን ነው። ሬጂዮሞንታኑስ በኖረበት ዘመን ግን ካልኩለስ አልተፈጠረም። ደግሞም አያስፈልግም፤ የኳድራቲክ እኩልታ መፍታት የሚችል ተማሪ መልሱን በአራት በአምስት መስመር ያገኘዋል።

ተመልካቹ ከምሰሶው ሥር x ሜትር ርቆ ቆሟል። ወደ ላይኛው ጠርዝ ሲያይ ዓይኑ የሚነሳበት ማዕዘን ታንጀንት 9/x ነው፤ ወደ ታችኛው ጠርዝ ሲያይ ደግሞ 4/x። ሰሌዳው በዓይኑ ውስጥ የሚይዘው ስፋት የእነዚህ ሁለት ማዕዘኖች ልዩነት ነው። የልዩነቱን ታንጀንት y ብንለው፣ የታወቀው የትሪጎኖሜትሪ ቀመር የሚከተለውን ይሰጣል፦

y = (9/x − 4/x) / (1 + 36/x²) = 5x / (x² + 36)

ላዕሉ x ብቻ ያለበት ነው፤ ታህቱ ደግሞ x² ያለበት። የሒሳብ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ክፍልፋይ ራሽናል ፋንክሽን ይሉታል። ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ በታች ስለሆነ ታንጀንቱ ባደገ ቁጥር ማዕዘኑም ያድጋል። ስለዚህ ጥያቄው ወደ አንድ ነገር ይጠቀለላል፤ y ሊደርስበት የሚችለው ትልቁ ቁጥር ስንት ነው? አንድ ፋንክሽን ሊሰጣቸው የሚችላቸው ቁጥሮች በሙሉ ተሰብስበው ሬንጅ ይባላሉ፤ ወደ ፋንክሽኑ ሊገቡ የሚችሉት ደግሞ ዶሜይን።

ከመፍታት በፊት ጥቂት ቁጥሮችን መሞከር ይጠቅማል። ተመልካቹ 2 ሜትር ላይ ቢቆም y = 10/40፣ ማለትም 0.25 ይሆናል። 18 ሜትር ላይ ቢቆም 90/360፤ ይህም 0.25 ነው። 3 ሜትር ላይ 15/45፣ 12 ሜትር ላይ 60/180፤ ሁለቱም አንድ ሦስተኛ ናቸው። 4 ሜትር እና 9 ሜትርም እንዲሁ እኩል ይወጣሉ፤ በግምት 0.385። ሰሌዳው እኩል የሚታይባቸው ቦታዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ ማለት ነው፤ አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ ከሩቅ። የጥንዶቹ ብዜት ደግሞ ሁልጊዜ 36 ነው፦ 2 ጊዜ 18፣ 3 ጊዜ 12፣ 4 ጊዜ 9። እይታው እየሰፋ ሲሄድ ሁለቱ ቦታዎች እርስ በርስ ይቀራረባሉ። በመጨረሻ የት ላይ እንደሚገናኙ ከወዲሁ መገመት ይቻላል፤ 6 ጊዜ 6 ላይ።

የዘዴው ልብ እዚህ ላይ ነው። የተለመደው አካሄድ x ሰጥቶ y መቀበል ነው። አሁን ግን ጥያቄው ይገለበጣል፤ y አስቀድሞ ይመረጥና፣ «ይህን y የሚሰጥ x አለ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ካለ፣ የተመረጠው y የሬንጁ አባል ነው። ከሌለ አይደለም። x ን ማግኘት እንኳ አያስፈልግም፤ መኖሩን ማወቅ ይበቃል።

ታህቱን ወደ ሌላኛው ወገን አሻግረን እናባዛው፦

y(x² + 36) = 5x
yx² − 5x + 36y = 0

ይህ የ x ኳድራቲክ እኩልታ ነው። y እዚህ ውስጥ እንደ ታወቀ ቁጥር ተቀምጧል። አንድ ኳድራቲክ እኩልታ እውናዊ መልስ የሚኖረው በስኩዌር ሩት ውስጥ የሚገባው ቁጥር፣ ማለትም ዲስክሪሚናንቱ b² − 4ac፣ ከዜሮ ካላነሰ ነው። እዚህ a = y፣ b = −5፣ c = 36y ስለሆኑ፦

25 − 144y² ≥ 0

ስለዚህ y² ከ25/144 መብለጥ አይችልም፤ y ራሱም ከ5/12 መብለጥ አይችልም። y = 5/12 ሲሆን ዲስክሪሚናንቱ ዜሮ ይሆንና ሁለቱ መልሶች አንድ ይሆናሉ፤ x = 5/(2y) = 6። ተመልካቹ ከምሰሶው 6 ሜትር ላይ ሲቆም ሰሌዳውን በ22.6 ዲግሪ ገደማ ስፋት ያየዋል፤ ከዚያ የሚበልጥ እይታ ከየትም ቦታ አያገኝም። y = 0.5 ይሁን ብሎ የሚሞክር ሰው ዲስክሪሚናንቱ 25 − 36፣ ማለትም −11 ይሆንበታል፤ እንዲህ ያለ ቦታ በመንገዱ ላይ የለም።

«መልስ አለው ወይስ የለውም?» የሚለው ፍተሻ ከሬጂዮሞንታኑስም እጅግ ይቀድማል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባግዳድ የጻፈው አል-ኽዋሪዝሚ እኩልታዎችን በዓይነት ከፋፍሎ ነበር፤ ከእነዚያ አንዱ «ካሬና ቁጥር ከሥሮች ጋር እኩል ሲሆኑ» የሚለው ነው። የእሱ ምሳሌ በዛሬ አጻጻፍ x² + 21 = 10x ይሆናል። ደንቡም እንዲህ ነው፤ የሥሮቹን ብዛት ግማሽ ውሰድ፣ በራሱ አባዛው፤ ውጤቱ ከቁጥሩ ካነሰ ጥያቄው መልስ የለውም፤ እኩል ከሆነ መልሱ ያው ግማሹ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳው እኩልታ ከዚህ ዓይነት ጋር ልክክ ይላል። y = 1/4 ሲሆን x² + 36 = 20x ይሆናል፤ ግማሹ 10፣ በራሱ ሲባዛ 100፣ 36 ሲቀነስ 64፣ ስኩዌር ሩቱ 8፤ መልሶቹም 10 − 8 = 2 እና 10 + 8 = 18። y = 5/12 ሲሆን x² + 36 = 12x ነው፤ ግማሹ 6፣ በራሱ ሲባዛ 36፣ ልክ እኩል፤ መልሱ 6 ብቻ። y = 1/2 ሲሆን ደግሞ x² + 36 = 10x፤ ግማሹ 5፣ በራሱ ሲባዛ 25፣ ከ36 አነሰ፤ መልስ የለም። «ዲስክሪሚናንት» የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያወጣለት እንግሊዛዊው ጄምስ ጆሴፍ ሲልቬስተር ነው፣ በ1851 እ.ኤ.አ.።

በመካከል፣ በ1630ዎቹ፣ የቱሉዙ የሕግ ሰው ፒየር ደ ፌርማ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አይቶት ነበር። አንድ ነገር ከጫፉ ትንሽ ሲያንስ ሁለት መልሶች አሉት፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ይዋሃዳሉ። ከዚህ ሐሳብ ተነስቶ የትልቁንና የትንሹን ዋጋ መፈለጊያ ዘዴውን አስረዳ። ያም ዘዴ ለካልኩለስ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆነ። ዲስክሪሚናንትን ዜሮ አድርጎ ጫፍ የሚፈልግ ተማሪ ከፌርማ ሐሳብ እምብዛም አይርቅም።

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ራሽናል ፋንክሽን 11ኛ ክፍል ላይ ይመጣል፤ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥም ተማሪው የሚያውቃቸው ቃላት እነዚሁ ዶሜይንና ሬንጅ ናቸው። በፈተና ወረቀት ላይ የሚገኘው ጥያቄ ግን እንደ ሰሌዳው የተስተካከለ አይሆንም፤ ላዕሉ ላይ አንድ ቁጥር ይጨመርበታል። ለምሳሌ ይህን እንውሰድ፦

y = (x + 1) / (x² + 3)

ታህቱ መቼም ዜሮ ስለማይሆን x ማንኛውም ቁጥር መሆን ይችላል። ስናባዛና ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ስናመጣ፦

yx² − x + (3y − 1) = 0

ብዙ ስሕተት የሚጀምረው እዚህ መስመር ላይ ነው። c የሚባለው 3y ብቻ አይደለም፤ 3y − 1 በሙሉ ነው። ዲስክሪሚናንቱም 1 − 4y(3y − 1) ሲሆን፣ ሲዘረዘር 1 + 4y − 12y² ይሆናል። ይህ ከዜሮ እንዳያንስ ሲጠየቅ ሁለተኛው ወጥመድ ይመጣል። በ−1 ሲባዛ ምልክቱ ይገለበጣል፦

12y² − 4y − 1 ≤ 0
(6y + 1)(2y − 1) ≤ 0

የሁለት ቁጥሮች ብዜት አሉታዊ የሚሆነው ምልክታቸው ሲለያይ ነው፤ ያም የሚሆነው y በ−1/6 እና በ1/2 መካከል ሲገኝ ነው። ምልክቱን መገልበጥ የረሳ ተማሪ ተቃራኒውን፣ ከሁለቱ ቁጥሮች ውጭ ያለውን ይጽፋል። ይህን ለመያዝ ቀላል መንገድ አለ፤ x = 0 ሲሆን y = 1/3 ነው፤ አንድ ሦስተኛ በመልሱ ውስጥ ከሌለ መልሱ ተሳስቷል።

ጫፎቹንም ማረጋገጥ ይቻላል። ዲስክሪሚናንቱ ዜሮ ሲሆን x = 1/(2y) ነው። y = 1/2 ሲሆን x = 1፤ ወደ ፋንክሽኑ ሲመለስ 2/4። y = −1/6 ሲሆን x = −3፤ ሲመለስ −2/12። ሁለቱም ይገጥማሉ። ስለዚህ ሬንጁ ከ−1/6 እስከ 1/2 ነው፣ ጫፎቹን ጨምሮ።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር ታልፏል። ዲስክሪሚናንት የኳድራቲክ እኩልታ መሣሪያ ነው፤ y = 0 ሲሆን ግን x² የሚባለው ነገር ከእኩልታው ይጠፋል፣ የሚቀረውም −x − 1 = 0 ነው። ስለ ዜሮ ዲስክሪሚናንቱ የሚለውን መስማት አይቻልም፤ ለብቻው መጠየቅ አለበት። እዚህ x = −1 መልስ ስለሆነ ዜሮ በሬንጁ ውስጥ አለ፤ ምንም አልተበላሸም። ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ማሪያ ጋኤታና አኜዚ በ1748 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ምክንያት በስሟ የሚጠራው ኩርባ በቀላል መልኩ y = 1/(x² + 1) ነው። ላዕሉ ላይ x የለም። በዚሁ መንገድ ሲሠራ ዲስክሪሚናንቱ −4y(y − 1) ይሆንና y ከ0 እስከ 1 ይሆናል ይላል፣ ዜሮን ጨምሮ። ነገር ግን አንድ ሲካፈል ለምንም ዜሮ አይሆንም። y = 0 ሲገባ እኩልታው −1 = 0 ይላል፤ ይህም ሐሰት ነው፤ ዜሮ ይወጣል።

ታህቱ ዜሮ የሚሆንባቸው ቦታዎች ሲኖሩ ደግሞ የሬንጁ መልክ ይለወጣል። ታህቱ (x − 1)(x − 4)፣ ላዕሉ x ቢሆን፣ በተመሳሳይ መንገድ የሚገኘው ዲስክሪሚናንት (5y + 1)² − 16y² ነው፤ እሱም (9y + 1)(y + 1) ሆኖ ይከፈላል። አሁን y ወይ ከ−1 አይበልጥም፣ ወይ ከ−1/9 አያንስም። በሁለቱ መካከል ያሉት ቁጥሮች፣ ለምሳሌ −1/2፣ ከየትኛውም x አይገኙም። በሰሌዳው ላይ ሬንጁ በሁለት ጫፍ መካከል ታጥሮ ነበር፤ እዚህ ግን ሁለቱ ወገኖች ክፍት ሆነው መሀሉ ባዶ ነው። ላዕሉን ዜሮ የሚያደርገው x በ1 እና በ4 መካከል ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ x − 2፣ ክፍተቱም አይኖርም ነበር፤ ዲስክሪሚናንቱ 9y² + 2y + 1 ሆኖ ሁልጊዜ ከዜሮ ይበልጣል፣ ማንኛውም ቁጥር ይገኛል።

ዘዴው በግልጽ የሚያታልልበት አንድ ቦታ አለ። y = (x − 1)/(x² − 1) ይሁን። ስናባዛ yx² − x + (1 − y) = 0፤ ዲስክሪሚናንቱ 1 − 4y(1 − y)፣ ማለትም (2y − 1)²። የአንድ ቁጥር ካሬ ከዜሮ ስለማያንስ «ሁሉም y ይገኛል» የሚል መልስ ይወጣል። ይህ ስሕተት ነው። x² − 1 ማለት (x − 1)(x + 1) ስለሆነ ክፍልፋዩ 1/(x + 1) ሆኖ ይቀላል፤ x ግን 1 መሆን አይፈቀድለትም። ስለዚህ y ዜሮ አይሆንም፤ x = 1 ቢሆን ኖሮ የሚገኘው 1/2 ደግሞ ይቀራል። ዲስክሪሚናንቱ ሁለቱንም አላያቸውም። ምክንያቱ ማባዛቱ ነው። በታህቱ ስናባዛ ታህቱን ዜሮ የሚያደርገው የተከለከለ x በጓሮ በር ይገባል። y = 1/2 ሲሆንም y = 0 ሲሆንም እኩልታው የሚሰጠው መልስ ያው x = 1 ነው፤ በመጀመሪያው ክፍልፋይ ግን 1 ቦታ የለውም። ላዕሉና ታህቱ የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ይህ አያጋጥምም፤ ታህቱን ዜሮ የሚያደርግ x በተባዛው እኩልታ ውስጥ ሲገባ በአንድ ወገን ዜሮ፣ በሌላው ወገን ዜሮ ያልሆነ ላዕል ስለሚያመጣ መልስ መሆን አይችልም። ስለዚህ ከማባዛት በፊት ማቃለል ይቀድማል። ዲስክሪሚናንቱ ራሱ ሙሉ ካሬ ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ተመልሶ የጋራ አካፋይ መፈለግ ብልህነት ነው።

ወደ ሰሌዳው ስንመለስም ዲስክሪሚናንቱ የማያውቀው ነገር ይገኛል። እሱ የሚመሰክረው እውናዊ x መኖሩን ብቻ ነው፤ ያ x ሰው ሊቆምበት የሚችል ቦታ መሆኑን አይጠይቅም። 25 − 144y² ≥ 0 የሚለው በራሱ y ከ−5/12 እስከ 5/12 ነው ይላል፤ አሉታዊዎቹ ከአሉታዊ x የመጡ ናቸው፤ ርቀት ደግሞ አሉታዊ አይሆንም። በሰሌዳው ዙሪያ ከ8 ሜትር በላይ የማያስጠጋ አጥር ቢኖርስ? 6 ሜትር ከአጥሩ ውስጥ ይቀራል። ከአጥሩ ውጭ ያለ ሰው የሚያገኘው ትልቁ እይታ አጥሩ ሥር፣ 8 ሜትር ላይ ነው፤ 40/100፣ ማለትም 0.4። ዶሜይኑ ሲጠብብ በጫፉ ላይ የተገኘውን x ማየት፣ የተፈቀደ መሆኑንም ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ይኸው ቅርጽ ከእይታ ውጭም ይገኛል። ስምንት ድንጋይ የሚበላ ቴፕ አለ እንበል። ድንጋዮቹ ተደርድረው 12 ቮልት ይሰጣሉ፤ ቆየት ስላሉ ግን በውስጣቸው በድምሩ 2 ኦም የሚሆን ተቃውሞ አላቸው። ከውጭ R ኦም የሆነ ነገር ቢገናኝባቸው የሚደርሰው ኃይል በዋት ሲለካ፦

P = 144R / (R + 2)²

ላዕሉ በ R፣ ታህቱ በ R² ነው። ስናባዛ PR² + (4P − 144)R + 4P = 0 ይሆናል። ዲስክሪሚናንቱ (4P − 144)² − (4P)² ነው፤ በሁለት ካሬዎች ልዩነት ሲከፈል 144(144 − 8P) ይሰጣል። P ከ18 ዋት መብለጥ አይችልም። ከዚያ በታች፣ እንደ ሰሌዳው ሁሉ፣ ጥንዶቹ ይታያሉ፤ R = 1 ሲሆን 144/9፣ R = 4 ሲሆን 576/36፤ ሁለቱም 16 ዋት ናቸው፣ ብዜታቸውም 4። ሁለቱ የሚገናኙት R = 2 ላይ ነው፤ ከውጭ ያለው ተቃውሞ ከድንጋዮቹ ውስጥ ካለው ጋር ሲስተካከል። በዚያች ቅጽበት 3 አምፒር ይፈሳል፤ ከ12ቱ ቮልት 6ቱ ውጭ ይደርሳል፣ 6ቱ ድንጋዮቹ ውስጥ ይቀራል። ማለትም 18 ዋት ለሥራ ሲውል ሌላ 18 ዋት ድንጋዮቹን ያሞቃል።